ለጆሮ የተጻፈ መግቢያ፦ የአንድ እንግዳ ማስተዋወቂያ ከወረቀት ወደ መድረክ

ጉዳዩ የተነሣው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሙያ ማኅበር ባዘጋጀው የሕዝብ ትምህርታዊ ምሽት ነው። ርዕሱ እንዶድና ቢልሃርዚያ ነበር። ንግግሩን የምታቀርበው በዚሁ መስክ ረጅም ዓመታት የሠራች ተመራማሪ ናት፤ ስሟን እዚህ አላነሣም። ማኅበሩ መግቢያውን አዘጋጅቶ ነበር። የመድረክ መሪ እንዲሆን የተመረጠው የሁለተኛ ደረጃ መምህር በልምምድ ላይ ደጋግሞ ስለ ተደናቀፈ፣ ጽሑፉን እንዳየው ጠሩኝ። ለሬዲዮና ለመድረክ የሚነበብ ጽሑፍ ማዘጋጀት ሥራዬ ነው።

መምህሩ ጥሩ ድምፅ አለው፤ ንባቡም ግልጽ ነው። የጻፈለት የማኅበሩ ጸሐፊም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነው። ሁለቱም እርስ በርስ መወቃቀስ ጀምረው ነበር፤ አንዱ «አላነበብከውም»፣ ሌላው «አይነበብም» ይባባሉ ነበር። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«በሀገራችን በስፋት የሚታየውንና በቀንድ አውጣ አማካይነት የሚተላለፈውን የሺስቶሶሚያሲስ በሽታ ለመከላከል በሚያስችሉ ሀገር በቀል ዕፅዋት ላይ ለበርካታ ዓመታት ምርምር ሲያካሂዱ የቆዩትንና በልዩ ልዩ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ላይ ያሳተሟቸው የጥናት ውጤቶቻቸው ከፍተኛ ተቀባይነት ያገኙላቸውን የዛሬዋን የክብር እንግዳችንን ሳስተዋውቃችሁ የሚሰማኝ ደስታ ወደር የለውም።»

በወረቀት ላይ ስሕተት የለበትም። ሰዋስዉ የተስተካከለ ነው፤ በመጽሔት ቢወጣ ማንም አያርመውም። ስሟን ሳንቆጥር 40 ቃላት አሉት። አንባቢ ቢጠፋበት ዐይኑን መልሶ ያነብባል። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ግን መመለሻ የለውም።

መምህሩ እንዲያነብበው ጠየቅሁት። ከማንበቡ በፊት ግን ከኋላ ወንበር የድምፅ መሣሪያ የሚያስተካክለውን ባለሙያ «ወንድሜ፣ እባክህ አዳምጥና የሰማኸውን ንገረኝ» አልኩት። ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ጽሑፉን ያላየ ሰው ጆሮ የማኅበሩ ሰዎች በሙሉ ሊሰጡኝ የማይችሉትን መልስ ይሰጠኛል፤ እነርሱ አስቀድመው ስለሚያውቁት ያልተሰማውንም የሰሙ ይመስላቸዋል። ባለሙያው ሲመልስ «ስለ አንድ በሽታ ነው። ሰውየው ሐኪም ናቸው መሰለኝ» አለ።

ከዚህ አጭር መልስ ሦስት ነገሮች ይታያሉ። የበሽታው ስም አልተያዘለትም። ተመራማሪዋን ሐኪም አድርጓቸዋል። ሴት መሆናቸውንም አልሰማም። ሦስተኛው የእርሱ ጥፋት አይደለም። በአማርኛ በአክብሮት ስንናገር ግሡ የወንድና የሴት ልዩነት አያሳይም፤ «ሠርተዋል»፣ «አሳትመዋል» ለሁለቱም አንድ ነው። በዚያ ረጅም ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሴት መሆኗን የምትናገር አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ «የዛሬዋን» የምትለው። እርሷም የምትመጣው 33ኛ ሆና ነው። እስከዚያ ድረስ አድማጩ በራሱ ግምት ወንድ ሥሎ ጨርሷል።

የዐረፍተ ነገሩ ችግር ርዝመቱ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ገላጩ ሁሉ ከስሙ በፊት ይመጣል። «የሚታየውን»፣ «የሚተላለፈውን»፣ «የቆዩትን»፣ «ያገኙላቸውን» ብለን ስንደረድር አድማጩ ይህ ሁሉ የማን እንደ ሆነ ሳያውቅ በአእምሮው ተሸክሞ ይጠብቃል። ግሡ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ምን እንደ ተደረገም አያውቅም። ሁለት ነገር አንድ ላይ ያስጠብቁታል፤ ባለቤቱንና ድርጊቱን። ለጆሮ ሲጻፍ ቢያንስ አንዱን ቶሎ መስጠት ያስፈልጋል።

አንባቢውም ይቸገራል። መምህሩ አንድ ጊዜ «ዕፅዋት ላይ» ሲደርስ፣ ሌላ ጊዜ «የቆዩትንና» ላይ ተነፈሰ። «ና» ላይ የሚቆም ድምፅ ገና የሚቀር ነገር እንዳለ ይናገራል፤ ስለዚህ አዳራሹ ዕረፍት አያገኝም። አንባቢው በአንድ ትንፋሽ የማይጨርሰውን ዐረፍተ ነገር የትም ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ የሚቆርጥበትም ቦታ ትርጉሙ ከሚቆምበት ጋር አይገጥምም።

ቃላቱን በተመለከተ መምህሩ የተደናቀፈባቸውን በእርሳስ አሰመርኩባቸው። «የሺስቶሶሚያሲስ» የመጀመሪያው ነበር። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ አንድ የ«ሸ» እና አራት የ«ሰ» ድምፆች አሉ፤ በማይክሮፎን ፊት ሁሉም ያፏጫሉ። ሕዝቡ በሽታውን የሚያውቀው ቢልሃርዚያ ብሎ ነው፤ ለምላስም ይቀላል። ጸሐፊው «ሳይንሳዊውን ስም ብንተው ተመራማሪዋ ይከፋቸው ይሆን?» ብሎ ሰጋ። ስልክ ደውሎ ጠየቃቸው። «እኔም በንግግሬ ቢልሃርዚያ ነው የምለው» አሉት።

ሁለተኛው ቃል የማስተዋወቅ ሥራው ራሱ ነው። «ሳስተዋውቃችሁ» እና «አስተዋውቃችኋለሁ» በየመድረኩ ይሰማሉ፤ በየመድረኩም ምላስ ይይዛሉ። «ዋ» ወዲያው ከ«ው» ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ የሚፈነዳው «ቃ» ይመጣል፤ ከዚያ ጠብቆ የሚነበብ «ች»። ተናጋሪው ከፍርሃቱ ጋር ወደ መድረክ በወጣበት ቅጽበት ይህን ቃል ማቅረብ ግድ አይደለም። አንድን ሰው ለማስተዋወቅ «አስተዋውቃለሁ» ማለት አያስፈልግም፤ ስለ ሰውየው መናገር ይበቃል። ስለዚህ ቃሉን ሳንተካ አወጣነው።

ከዚህ ይልቅ አድካሚ የሆነው ዐይን ላይ ቀላል፣ ድምፅ ላይ አደገኛ የሆኑ ቃላት ጉዳይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። በሁለተኛው አንቀጽ «በወንዙ ላይ የተካሄደው የዋናው ጥናት መሪ» የሚል ነበር። መምህሩ «ወንዝ» የሚለውን ገና አንብቦ ስለ ጨረሰ «ዋና»ን አላልቶ፣ እንደ ውኃ ዋና፣ አነበበው። ከዚያ ዝቅ ብሎ «ለገበሬው የሚሰጠው ጥቅም» ይላል። «የሚሰጠው» ሲላላ ሰጪ አለ፤ ሲጠብቅ ተቀባይ ብቻ ነው የሚታየው። አንባቢው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ቀጣዩን ቃል አይቶ ነው፤ አፉ ግን ቀድሞ ሄዷል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። ቃሉን መለወጥ ይቻላል፤ «ገበሬው የሚያገኘው ጥቅም» ቢባል አሻሚነቱ ይጠፋል። የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ጠብቆ ከሚነበበው ፊደል በላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ደብዛዛ ብርሃን ባለበት መድረክ ላይ ነጥብ አይታይም።

ቁጥሮችና ምሕጻረ ቃላትም እንዲሁ። «ዶ/ር»፣ «ፕ/ር»፣ «እ.ኤ.አ. በ1964» የሚሉት ለዐይን የተሠሩ አቋራጮች ናቸው። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዐድዋ ላይ ያስተዋሉት በአውሮፓውያኑ 1964 ነው። ይህን በድምፅ ለማንበብ «እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አራት» ማለት ይኖርብናል። አድማጩም በበኩሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለስ ይጀምራል፤ እርሱ ሲቀንስ ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። «ከስድሳ ዓመት በፊት» ቢባል ይበቃዋል። ትክክለኛውን ዓመት ንግግር አቅራቢዋ በስላይዳቸው ያሳያሉ።

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ ጸሐፊው አዲስ ጽሑፍ ይዞ መጣ። አጭር ዐረፍተ ነገር ይፈለጋል የተባለውን በሚገባ ተቀብሎታል፦

«እንግዳችን በዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። በወንዞች ዳር ጥናት አካሂደዋል። በርካታ ጽሑፎች አሳትመዋል። ተማሪዎችን አማክረዋል። ሽልማቶችን ተቀብለዋል።»

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ሦስተኛው «ዋል» ላይ ጆሮ ይዘጋል። ስለ አጭር ዐረፍተ ነገር የሚሰጠው ምክር በአማርኛ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ግሣችን መጨረሻ ላይ ነው፤ የአክብሮት አነጋገር ደግሞ መጨረሻውን አንድ ዓይነት ያደርገዋል። ዐረፍተ ነገሩን ባሳጠርን ቁጥር «ዋል» እየቀረበ ይመጣል። ረጅሙ ጽሑፍ አድማጩን ያደክመዋል፤ ይህኛው ያስተኛዋል። እኔ እንዲያውም ይህኛውን የበለጠ እፈራዋለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው በገጹ ላይ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን አይቶ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስለዋል።

መፍትሔው መጨረሻዎቹን መለዋወጥ ነው። አንዱ በ«ናቸው» ይለቅ፤ አንዱ በ«ሠሩ»፣ አንዱ በ«ይለቅማሉ»። ያለፈውን ሁሉ በ«ዋል» መናገር ግዴታ አይደለም። የሚደጋገም ሥራ በአሁን ጊዜ ቢነገር እንዲያውም ሕይወት ያገኛል። አንድ ጥያቄ ቢገባ ድምፁ በራሱ ወደ ላይ ይወጣል። በንግግራችን እንደምናደርገው ግሡን አስቀድሞ ማብራሪያውን ማስከተልም ይቻላል፤ «አስተማሩ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ» እንደማለት። ይህ የመጨረሻው ግን በአንድ መግቢያ ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ከመጣ ትወና ይመስላል። ሁለትና ሦስት አጫጭር ከመጡ በኋላ አንድ ረዘም ያለ ማስከተል ደግሞ አንባቢው ድምፁን እንዲዘረጋ ያደርገዋል።

የቀረው ምን እንደሚባል መምረጥ ነበር። የሕይወት ታሪክ ወረቀታቸው ሁለት ገጽ ነው፤ ዲግሪዎች፣ ኮሚቴዎች፣ ጉባኤዎች። ጸሐፊው እንደ ልማዳችን «ተወልደው… ተምረው… አጠናቀው…» ብሎ ሊያያይዛቸው አስቦ ነበር። ይህ የ«ው» ሰንሰለት በየመድረኩ የምንሰማው ነው፤ አድማጩ ዋናው ግሥ እስኪመጣ ድረስ በሰውየው ዕድሜ ሙሉ ይጓዛል። እኔ ለተመራማሪዋ ደወልኩና «ዶክተር፣ በሥራ ቀንዎ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወንዝ ዳር ነው የምውለው። ቦት ጫማ አደርጋለሁ፤ ቀንድ አውጣ እለቅማለሁ» አሉኝ። ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ለአፍ የሚመች ቃል በራሱ ይመጣለታል። ወረቀታቸው ላይ ይኸው ነገር «የመስክ ናሙና አሰባሰብ» ተብሎ ተጽፏል። ከሁለቱ የትኛው አዳራሹን ቀና እንደሚያደርግ መምህሩ ወዲያው ገባው።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደረግነው። ሁሉም ከሚያውቀው ነገር ተነሣን፤ ከእንዶድ። ከዚያ የማያውቀው ሊሆን ወደሚችለው ተሻገርን። ከዚያ ወደ እንግዳዋ ሥራ። በመጨረሻ ስማቸው። ስም መጨረሻ ላይ የሚገባው ለድምቀት ብቻ አይደለም፤ ጭብጨባ የሚነሣው ስም ሲጠራ ስለ ሆነ ከስም በኋላ የሚባል ነገር ሁሉ በጭብጨባ ይዋጣል። ያለቀው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።
እንዶድን የማያውቅ እዚህ የለም።
እናቶቻችን ነጠላ አጥበውበታል።
ከስድሳ ዓመት በፊት ግን አንድ ወጣት ተመራማሪ ዐድዋ ላይ ሌላ ነገር አዩ።
ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ያጥባሉ።
ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣው ሞቶ ይንሳፈፋል።
ቢልሃርዚያ የሚያድገው እዚያ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው።
ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ።
የዛሬዋ እንግዳችን ያንን መንገድ ይዘዋል።
እኚህ ሴት ቢሯቸው ወንዝ ዳር ነው።
ቦት ጫማ ያደርጋሉ፤ ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ።
ሃያ ዓመት እንዲህ ሠሩ።
መምህርም ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው ዛሬ አብረውን አሉ።
አንድ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል።
እንዶድ ይህን ያህል ከረዳ፣ ለምን በየወንዙ አናየውም?
መልሱን ከራሳቸው እንስማ።»

ከዚህ በኋላ ማዕረጋቸውና ሙሉ ስማቸው ይጠራል። ረጅሙ ዐረፍተ ነገር 12 ቃላት ነው፤ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ይነበባሉ። በጠቅላላው በዝግታ ሲነበብ አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። «ዋል» የሚለው መጨረሻ ሁለት ጊዜ ብቻ፣ «ይዘዋል» እና «ይዘው መጥተዋል» ላይ፣ ይሰማል፤ ሁለቱ ስለ ተራራቁ አይጋጩም። «እኚህ ሴት» የምትለው የገባችው የድምፅ ባለሙያው የሰጠን መልስ ስላስተማረን ነው።

አንድ ቃል ላይ ተከራክረናል። መምህሩ «አንድ ወጣት ተመራማሪ… አየ» ቢባል ይቀላል አለ፤ ትረካም ይመስላል። እውነቱን ነው፤ ለአፍ ይቀላል። ነገር ግን ከሦስት ዐረፍተ ነገር በኋላ «ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ» ሲባል አንድን ሰው አንዴ «አየ» አንዴ «ነበሩ» ማለት አዳራሹ ውስጥ ያሉትን አዛውንት ጆሮ ይቆረቁራል። «አዩ» አልን። ለጆሮ መጻፍ ማቅለል ብቻ ነው ብሎ የሚነሣ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አክብሮት የጎደለው ቀላል ዐረፍተ ነገር ለአማርኛ ጆሮ ሻካራ ነው።

ወረቀቱን ስናዘጋጅ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ መስመር፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገን፣ ከመስመር መስመር ሰፊ ክፍተት ትተን አተምን። ሁሉም በአንድ ገጽ ገባ። ገጽ መገልበጥ ካለ ዐረፍተ ነገር መሐል ላይ እንዳይሆን ማድረግ ያስፈልጋል፤ የወረቀቱ ድምፅ በማይክሮፎን ይገባል፤ አንባቢውም ሁለተኛውን ግማሽ እስኪያገኝ ይቆማል። ከጥያቄው በኋላ ባዶ መስመር ተውንለት፤ እዚያ ላይ ቆም እንዲል። መምህሩ በመጀመሪያ ልምምድ ይህን ዝምታ አልደፈረውም፤ ፈጥኖ ወደ «መልሱን» ሮጠ። ዝምታው ለአንባቢው ረጅም፣ ለአድማጩ አጭር እንደ ሆነ የገባው እኔ አንብቤለት ከወንበር ሆኖ ሲሰማው ነው።

የድምፅ ባለሙያውን እንደገና ጠየቅነው። «ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ሴት ናቸው። እንዶድ ለምን እንደማንጠቀም ሊነግሩን ነው» አለ። ከዚህ በኋላ አንድም ቃል አልነካንም።

በምሽቱ መምህሩ ሳይደናቀፍ አነበበ። ቅሬታ ግን ነበር። ከማኅበሩ አመራር አንድ አባት «ልጄ፣ ሽልማታቸውንና ያሳተሙትን ሳትነግሩን እንዴት?» ብለው ጸሐፊውን ጠየቁት። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በእኛ ዘንድ የእንግዳን ማዕረግ መዘርዘር የክብር አካል ነው፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ውስጥም የፕሮቶኮል ሰው ካልተዘረዘረ አይለቅም። በዚህ ጉዳይ የረዳን ሙሉ የሕይወት ታሪካቸው በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ታትሞ በየወንበሩ መቀመጡ ነው፤ ጸሐፊውም አባትየውን ያሳያቸው እርሱን ነው። ያ ወረቀት ባይኖር ቢያንስ አንድ ሽልማት መጥራት ይገባ ነበር እላለሁ፤ ከ«መምህርም ናቸው» ቀጥሎ፣ ለብቻው በአንድ ዐረፍተ ነገር።

ከሳምንታት በኋላ ማኅበሩ ያንኑ መግቢያ በመጽሔቱ ሊያወጣው ፈለገ። ጸሐፊው አሳየኝ፤ በገጽ ላይ ሲታይ የተቆራረጠና የሳሳ ይመስላል። ዐይን አንድን ነገር ከሌላው ጋር የሚያያይዘውን «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ይሁን እንጂ» ይፈልጋል፤ መምህሩ ይህን ማያያዣ በድምፁና በዝምታው ሠርቶት ነበር። ለመጽሔቱ ጸሐፊው ሌላ ጻፈ፤ ከመጀመሪያው ረጅም ዐረፍተ ነገርም ግማሹን መልሶ ተጠቀመበት። እዚያ ቦታው ነው።